«እሺ» ብለው ዝም ካሉ የቀድሞ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አሁን ለማስተርስ ሁለት ቦታ እያመለከትኩ ነው፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ አሜሪካ። የቀድሞ አለቃዬን በቴሌግራም ‹ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ› አልኳቸው። ‹እሺ፣ ችግር የለም› አሉኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ዝም። እሳቸውም ከድርጅቱ ለቀዋል። መጨቅጨቅ ከበደኝ። ጓደኞቼ ‹ራስሽ ጽፈሽ አስፈርሚያቸው› ይሉኛል። ከሰው ኃይል የወሰድኩት ማህተም ያለው የሥራ ልምድ አለኝ፤ እሱ አይበቃም? ወይስ ዋና ዳይሬክተሩ ቢጽፉልኝ ይሻላል?»

መልስ፦ የሥራ ልምዱ አይበቃም። ሁለቱ ወረቀቶች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ መብትሽ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ መደብ ሠርታለች፣ ይህን ያህል ይከፈላት ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። «አብሬያት ሠርቻለሁ፣ ይህን ስትሠራ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ትምህርቱን ትችለዋለች» የሚል። ይህን ማንም እንዲጽፍ አይገደድም። ሰው ኃይልም ሊጽፈው አይችልም፤ ሥራሽን አላየማ። የሥራ ልምዱን አትጣይው፣ ከማመልከቻሽ ጋር ለብቻው ይያያዛል። የድጋፍ ደብዳቤ በተባለበት ሳጥን ውስጥ ግን እንዳታስገቢው።

ዋና ዳይሬክተሩንም ተያቸው። እኛ አገር ትልቅ ማዕረግ ያለው ሰው ሲፈርም ደብዳቤው የሚከብድ ይመስለናል። የማመልከቻ ፋይል የሚያነብ ሰው ግን ከማዕረጉ ይልቅ የሚፈልገው «ይቺን ልጅ በምን ያውቃታል?» የሚለውን ነው። በዓመት ሁለቴ ስብሰባ ላይ ያየሽ ዳይሬክተር ሊጽፍ የሚችለው «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነበረች» ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በየፋይሉ ስላለ ማንንም ከማንም አይለይም። ሪፖርትሽን እያረሙ የመለሱልሽ፣ መስክ አብረውሽ የወጡት የቅርብ አለቃሽ ከሳቸው በብዙ ይበልጣሉ። ስለዚህ የመረጥሽው ሰው ትክክል ነው። የተበላሸው አጠያየቁ ነው።

ሦስት ሳምንት ዝም ያሉት ለምን ይመስልሻል? ምናልባት ጠልተውኝ ይሆን ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። የላክሽላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። ለትምህርት ይሁን፣ ለሥራ ይሁን አያውቁም። የመጨረሻ ቀኑን አያውቁም። ደብዳቤው በእጅሽ የሚሰጥ ይሁን በኢንተርኔት የሚላክ አያውቁም። ከሁሉም በላይ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሽውን በዝርዝር አያስታውሱትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ፕሮጀክት አልፏል። ማታ ኮምፒውተር ከፍተው ሲቀመጡ የሚያዩት ባዶ ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ መሆኑ ሲጨመርበት «ነገ እጽፈዋለሁ» ይባልና ነገ አይመጣም። ስለዚህ «ኢንጂነር፣ ደብዳቤዬስ?» እያልሽ ደጋግመሽ ብትጽፊ ያፍራሉ እንጂ አይጽፉም። መላው ባዶውን ገጽ ማንሳት ነው።

ሌላም ነገር አለ። «እሺ፣ ችግር የለም» ሁልጊዜ ፈቃደኝነት አይደለም። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ስለሆነ በይሉኝታ እሺ ይባላል። በይሉኝታ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። ሁለት አንቀጽ ነው፣ ምሳሌ የለውም፣ «የተሰጣትን ሥራ በአግባቡ ተወጥታለች» ብሎ ያበቃል። ለፋይልሽ ከዚህ ይልቅ ከሌላ ሰው የመጣ ሞቅ ያለ ደብዳቤ ይሻለዋል። ስለዚህ አዲሱ መልዕክትሽ እምቢ ማለትንም ቀላል ማድረግ አለበት። በር ሲከፈትላቸው የሚጽፉ ከሆነ ከልባቸው ይጽፋሉ፤ የማይጽፉ ከሆነም በጊዜ ታውቂዋለሽ።

ሥራሽ በዝርዝር ምን እንደነበር ስላልነገርሽኝ፣ በገጠር ውሃ ፕሮጀክት ላይ የሚያጋጥም አንድ ሥራ ልዋስ፤ የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ ክትትል። የማመልከቻው መዝጊያ ኦክቶበር 31 ነው እንበል። በእኛ ጥቅምት 21 አካባቢ ይውላል። መልዕክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ስጠይቅዎ ዝርዝሩን ሳልልክልዎ ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማመለክተው ለሁለት የውሃ ሀብት ማስተርስ ፕሮግራሞች ነው። እርስዎን የጠየቅኩት የመለዋወጫ ምዝገባውን ሥራ ከጅምሩ ስላዩት ነው። ደብዳቤው እስከ ጥቅምት 10 ቢደርስልኝ ይበቃኛል። ለመጻፍ የሚያስፈልግዎትን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። ጊዜ ካጠረዎት፣ ወይም ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻላል ብለው ካሰቡ ምንም አይደለም። እስከ ዓርብ ቢያሳውቁኝ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። አክባሪዎ።»

እዚህ መልዕክት ውስጥ ሁለት ቀኖች አሉ። ዓርብ «እሺ» ወይም «አይሆንም» የሚባልበት ነው። ጥቅምት 10 ደግሞ ደብዳቤው የሚደርስበት ነው። እውነተኛውን መዝጊያ አትስጫቸው። አሥር ቀን ያህል ለራስሽ አስቀሪ፤ ፊርማ ይረሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሊንክ አይከፈትም። «ሲመችዎ» የሚለውን ቃል ከመልዕክትሽ አውጪው። ትህትና ይመስላል፣ ግን ቀን የሌለው ሥራ ከሁሉም ሥራ በኋላ ይሰለፋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደዚያች አንድ ገጽ እንምጣ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲቪውን ልኮ ይገላገላል። ሲቪ ግን አለቃሽ የማያውቁትን ሕይወትሽን ሁሉ የያዘ ነው፤ እሳቸው ሊመሰክሩ የሚችሉት እሳቸው ባዩት ላይ ብቻ ነው። ገጿ የአንቺና የሳቸው መሆን አለባት። ከላይ የፕሮግራሙን ስምና ፕሮግራሙ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ በሁለት መስመር ጻፊ። ከፕሮግራሙ ማስታወቂያ ላይ ያገኘሽውን ማለቴ ነው፤ «ከማኅበረሰብ ጋር የመሥራት ልምድ» ካለ እሱን፣ «የመረጃ ትንተና» ካለ እሱን። ከዚያ እሳቸው በዓይናቸው ያዩትን ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ጻፊ። ከሦስት አይብለጥ። አሥር ከዘረዘርሽ አሥሩንም በአንድ አንድ መስመር ጠቅሰው ያልፋሉ፣ ደብዳቤውም እንደ ሲቪ ይሆናል።

አጻጻፉ ላይ ቆይ ብለሽ ሥሪ። «በፕሮጀክቱ ላይ በትጋትና በኃላፊነት ስሜት ሠርቻለሁ» ብለሽ ብትልኪላቸው ምንም አላስታወስሻቸውም። ይልቅ እንዲህ ጻፊ፦

«የካቲት 2013። በወረዳው ከቆሙት አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፖች ብዙዎቹ የቆሙት በትልቅ ብልሽት ሳይሆን የፒስተኑ ጎማ አልቆ ሳይቀየር በመቅረቱ ነበር። የትኛው ዕቃ መቼ እንደተቀየረ የሚመዘገብበት ደብተር አዘጋጅቼ የየቀበሌውን የውሃ ኮሚቴ አሠለጠንኩ። እርስዎ በሚያዝያው የመስክ ጉብኝት ደብተሩን አገላብጠው አይተው፣ ለሌሎቹ ወረዳዎችም እንዲሄድ አዘዙ። በአራተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ተጠቅሷል።»

ይህን ሲያነቡ ትዝ ይላቸዋል። ጉብኝቱ፣ ደብተሩ፣ ምናልባት አንቺ የረሳሽው ሌላ ነገር ጭምር። ልብ በይ፣ «ጎበዝ ነበርኩ» የሚል ቃል የለበትም። የሆነውን ብቻ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ፍርዱን እሳቸው ይሰጣሉ። ቁጥር ካለሽና በሪፖርት ላይ ካለ ጨምሪው። ከሌለሽ አትፍጠሪ፤ ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፣ ውሸቱም በሳቸው ስም ነው የሚሄደው። ከሥራዎቹ ቀጥሎ አንድ እውነተኛ ድክመትሽንም ብትጽፊ አይክፋሽ። አንዳንድ ቅጾች «ምን ማሻሻል አለባት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊው ሳይዘጋጅ ሲቀር ወይ ባዶ ይተወዋል ወይ ያልሆነ ነገር ይጽፋል። «መጀመሪያ አካባቢ ሪፖርት አዘገይ ነበር፣ በኋላ ሳምንታዊ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ» ማለት ይበቃል።

የገጿ የታችኛው ክፍል አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ እስከ አያትሽ ጻፊላቸው። በልምድ የሚጽፉት ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ቢለይ ፋይል የሚያገናኘው ሰው ይደናገራል። የሥራ መደብሽንም የሥራ ልምዱ ላይ በተተረጎመበት ቃል ስጫቸው፤ አንዱ ወረቀት «ባለሙያ» ሌላው «አስተባባሪ» እንዳይል። ቀኖቹን ደግሞ በፈረንጅ አስልተሽ አስቀምጪላቸው። ከጥቅምት 1 ቀን 2012 እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2015 ከሠራሽ፣ ያ ማለት ከኦክቶበር 12 ቀን 2019 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2023 ነው። ብዙ ሰው «ሐምሌ ጁላይ ነው» ብሎ ይጽፈዋል፤ የሐምሌ መጨረሻ ግን ኦገስት ውስጥ ገብቷል። ከዚህ የባሰው ዓመቱን ሳይቀይሩ 2012 ብሎ መተው ነው። ያኔ ደብዳቤው ላይ ከምረቃሽ ዓመታት በፊት ሥራ የጀመርሽ ትመስያለሽ። አንባቢው ደውሎ አይጠይቅሽም። ጥርጣሬውን ይዞ ያልፋል።

ወደ ጓደኞችሽ ምክር ልለፍ። «ራስሽ ጽፈሽ አስፈርሚያቸው» የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ አለቆችም ራሳቸው «ጻፊና አምጪው» ይላሉ። አታድርጊው። መጀመሪያ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ደብዳቤውን ጸሐፊው ራሱ እንዲጽፈው በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ሌላ ሰው እንደጻፈው ከታወቀ ማመልከቻው ሊሰረዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ይታወቃል። የአንቺ የማመልከቻ ጽሑፍና ሁለቱ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ነው የሚነበቡት። የዓረፍተ ነገሩ አወራረድ አንድ ከሆነ፣ የምትወጃት አንዲት ቃል ሦስቱም ላይ ካለች፣ ያው ተመሳሳይ የሰዋስው ስህተት ከተደገመ ማንም ልምድ ያለው አንባቢ ያየዋል። ሦስተኛውን ምክንያት ሰው አያስበውም፤ ራስሽ ስትጽፊው ደብዳቤው ይደክማል። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ወይ ያጋንናል ወይ ያፍራል። አለቃሽ «ከነበሩኝ ባለሙያዎች ለአዲሱ ሠራተኛ እንድታሠለጥን የላክኋት እሷን ነው» ብለው ሊጽፉ ይችሉ ነበር። አንቺ ይህን ስለ ራስሽ አትጽፊውም፤ ለምን እንደላኩሽም አታውቂም።

«ጻፊና አምጪው» ካሉሽ ምን ትያለሽ? «ኢንጂነር፣ ፕሮግራሙ ደብዳቤውን እርስዎ እንዲጽፉት ስለሚጠይቅ እኔ መጻፍ አልችልም፤ ግን ነጥቦቹን በሙሉ አዘጋጅቼልዎታለሁ» በይና ገጿን ላኪ። እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው በስልክ ያውሩሽ ወይም በአማርኛ ይጻፉት። ትርጉም ይቀበሉ እንደሆነ ፕሮግራሙን ጠይቂ፤ ከተቀበሉ ሕጋዊ ተርጓሚ ቤት ይተረጎማል፣ ዋናውም አብሮ ይያያዛል። በምንም ምክንያት ግን በሳቸው ስም ኢሜይል ከፍተሽ ዩኒቨርሲቲው ለጸሐፊው የሚልከውን ሊንክ ራስሽ እንዳትሞዪው። ይህን «ጊዜ ለመቆጠብ» የሚያደርጉ አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ከገባሽ በኋላ እንኳ ቢታወቅ ቦታሽን ሊያሳጣሽ ይችላል።

አለቃሽ ከድርጅቱ መልቀቃቸው ችግር ሳይሆን አንድ ጥንቃቄ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። የድሮውን ድርጅት ሌተርሄድ መጠቀም አይችሉም፤ የዚያ ድርጅት ወኪል አይደሉምና። አሁን በሚሠሩበት ድርጅት ወረቀት፣ ድርጅቱ ከፈቀደ፣ ወይም በነጭ ወረቀት ይጻፉ። መጀመሪያው አንቀጽ ላይ «በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ድርጅት፣ በዚህ ኃላፊነት ላይ ሆኜ የቅርብ አለቃዋ ነበርኩ፤ አሁን በዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብለው ቁልጭ አድርገው ያስቀምጡ። ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ ኢሜይል ከታች ይኑር። ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌላቸው ግን የግል ኢሜይልም ማመልከቻ አይጥልም።

ማህተምን በተመለከተ ሁለቱን አገሮች ለይተሽ እዪ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማህተምና ለቲተር ብዙም ግድ የላቸውም። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድ ግን ለልማት ነክ ማስተርስ በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከአሠሪ የሚመጣው ደብዳቤ ሌተርሄድ፣ ፊርማ፣ ማህተምና የቅርብ ጊዜ ቀን እንዲኖረው ይጠይቃል። የምታመለክቺው በዚያ ከሆነ የአለቃሽ ደብዳቤ ብቻውን ላያሟላልሽ ይችላል፤ ማህተም ያለውን አሁን ካለሽበት መሥሪያ ቤት አምጪና የሳቸውን እንደ ሁለተኛ ተጠቀሚበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለሁለቱም እንዳይላክ። እሳቸው አንድ ጊዜ ዋናውን ይጻፉ፤ ከዚያ የፕሮግራሙን ስምና የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ይቀይሩ። ይህንንም ገጿ ላይ ንገሪያቸው፣ ሥራው ሁለት እጥፍ እንዳይመስላቸው።

የአሜሪካው በአብዛኛው በእጅሽ አይሰጥም። የሳቸውን ኢሜይል ማመልከቻው ላይ ስትሞዪ ሲስተሙ ለሳቸው ሊንክ ይልካል። ከመሙላትሽ በፊት የትኛውን ኢሜይል በየቀኑ እንደሚያዩ ጠይቂ። የሞላሽ ዕለት ደግሞ በቴሌግራም «አሁን ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይደርስዎታል፣ ካላዩት ስፓም ውስጥ ይፈልጉት» በያቸው። ደብዳቤ ይጠፋል ከተባለ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሊንኩ ሲከፈት ከደብዳቤው በፊት አጭር ቅጽ ሊመጣ ይችላል፤ ምን ያህል ጊዜ ያውቋታል፣ ከመሰሎቿ አንጻር የት ያስቀምጧታል የሚል። ይህንን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እዚያው ማመልከቻ ላይ አንቺን የሚጠይቅሽ ነገርም አለ፤ ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተዪዋለሽ ወይ የሚል። በ1974 የወጣው የአሜሪካ የተማሪዎች መረጃ ሕግ ተቀባይነት አግኝቶ የተመዘገበ ተማሪ ፋይሉን እንዲያይ መብት ይሰጣል፤ መብቱንም በፈቃድ መተው ይቻላል። ተዪው። ጸሐፊው በነፃነት እንደጻፈ ስለሚታመን ደብዳቤው ክብደት ያገኛል። ያላየሽው ደብዳቤ የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ የጠየቅሽው ሰው ላይ እርግጠኛ አይደለሽም ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ገጿን ጻፊ፣ ነገ ጠዋት ከመልዕክቱ ጋር ላኪ። ጠዋት ያልኩት ማታ የደረሰ መልዕክት ተነቦ ስለሚረሳ ነው። ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተማመኚ፤ ፋይሉን በኢሜይልም ላኪው፣ በኋላ ሲፈልጉት እንዲያገኙት። ዓርብ ድረስ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ደውዪ። መደወል ጭቅጭቅ አይደለም። ስልኩን ሲያነሱ የምትሰሚው ነገር ብዙ ይነግርሻል። ስለ ፕሮግራሙ ከጠየቁሽ፣ «ያ ደብተር እስካሁን አለ?» ካሉሽ ይጽፋሉ። «እሺ እሺ፣ እናያለን» ብቻ ከሆነ አመስግነሽ ዝጊና በዚያው ቀን ሁለተኛውን ሰው ጠይቂ። ሁለተኛው ሰው አሁን ከወዲሁ በልብሽ ይኑር፤ የፕሮጀክቱ ቴክኒክ አማካሪ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረሽ መምህር ሊሆን ይችላል። ለሱም ያችን ገጽ ሳይሆን እሱ ያየውን ሥራ የያዘ ሌላ ገጽ ነው የምትልኪለት። ከጽሑፉ የትኛውን ምዕራፍ እንዳረመልሽ፣ መረጃውን ከየት እንደሰበሰብሽ፣ በምን ጥያቄ ላይ ተከራክራችሁ እንደነበር።

አለቃሽ እጽፋለሁ ካሉ ጥቅምት 5 ገደማ አንድ አጭር ማስታወሻ ላኪ፣ ሌላ አትጨምሪ። ደብዳቤው እንደገባ ሲስተሙ ላይ ሲታይሽ ወዲያው አመስግኚ። ውጤቱም ሲመጣ፣ ባይሳካም እንኳ፣ ንገሪያቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ያው ደብዳቤ ቀኑ ታድሶ ሊያስፈልግሽ ይችላል።